ሦስቱን ገጾች ማመሳከር

በአዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ንፋስ ስልክ ላፍቶን የጥናት ቦታው ማድረጉ የተለመደ ነው። ክፍለ ከተማው ጎፋንና መካኒሳን የመሰሉ የቆዩ ሰፈሮችን፣ ጀሞን የመሰለ የኮንዶሚኒየም መንደርን፣ ለቡን የመሰለ አዲስ ሰፈርን በአንድ አስተዳደር ይዟል፤ ለማወዳደር ይመቻል። ጥናቱ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ከገባ በኋላ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው አንባቢ አጽሕሮቱን አይቶ ይመለሳል፤ ጊዜ ያለው መግቢያውንና ማጠቃለያውን ይጨምራል። እነዚህ ሦስት ክፍሎች የተለያየ ነገር ከተናገሩ አንባቢው ይዞት የሚሄደው ጥናት የትኛውን ክፍል በማንበቡ ይወሰናል ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው በአብዛኛው ክፍሎቹ ከተጻፉበት ጊዜ ነው። መግቢያው የተወለደው ከንድፈ ጥናቱ ጋር ነው፤ መረጃ ከመሰብሰቡ ከወራት በፊት። ማጠቃለያው የተጻፈው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በድካም ነው። አጽሕሮቱ ደግሞ ለኅትመት በሚጣደፉበት ሰዓት፣ ከትዝታ ይጻፋል። ንድፈ ጥናቱ ሳይታረም ወደ መግቢያው መገልበጡን የሚያጋልጥ አንድ ምልክት አለ፦ ጥናቱ አልቆ ሳለ መግቢያው «መጠይቅ ይሰበሰባል»፣ «ይተነተናል» እያለ ስለ ወደፊቱ ያወራል። እንዲህ ያለ ግስ በተገኘበት መግቢያ ውስጥ ያሉት ዓላማዎችም ያልታደሱ መሆናቸውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ችግሩ የተማሪ ብቻ አይደለም። ሮይ ፒትኪንና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ላይ የወጡ አጽሕሮቶችን ከዋናው ጽሑፍ ጋር አመሳክረው ነበር። ከዋናው ጽሑፍ የሚጋጭ ወይም በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ የሌለ መረጃ የያዙት አጽሕሮቶች እንደ መጽሔቱ ከ18 እስከ 68 በመቶ ደረሱ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት በ1998 የታተመው ሙከራ ነው። ለአንዱ ቡድን ደራሲዎች አጽሕሮታቸውን እንዲያስተካክሉ ዝርዝር ማሳሰቢያ ተላከላቸው፤ ለሌላው አልተላከም። ተሻሽለው ሲመለሱ እንከን የተገኘባቸው በመጀመሪያው ቡድን 28 በመቶ፣ በሁለተኛው 26 በመቶ ሆኑ። ማሳሰብ ብቻውን ለውጥ አላመጣም። ሰው ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ማመሳከር አለበት።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ጥናት ላቀናብር፤ የማንም እውነተኛ ሥራ አይደለም። ርእሱ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሁለት ወረዳዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ደረቅ ቆሻሻን ለይተው ስለማስቀመጣቸው ነው እንበል። 384 መጠይቅ ተበተነ፤ 362 ተሞልቶ ተመለሰ። ከእነዚህ ውስጥ ቆሻሻ እንለያለን ያሉት 138 ናቸው።

የሚያመሳክረው ሰው ከአጽሕሮቱ አይጀምርም፤ ከውጤት ምዕራፉ ይጀምራል። ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩት በዚያ ነው። ከዚያ አንድ ወረቀት ወስዶ ሦስት ዓምድ ያሰምራል፦ መግቢያ፣ አጽሕሮት፣ ማጠቃለያ። በየረድፉ አንድ ዓላማ ያስቀምጥና በየክፍሉ ስለዚያ ዓላማ የተባለውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይገለብጣል። በራሱ አባባል አሳጥሮ መጻፍ የለበትም፤ ሲያሳጥር ሳያውቀው ያስማማቸዋል።

የምሳሌያችን መግቢያ ሦስት ዝርዝር ዓላማዎች አሉት። አንደኛው ምን ያህል ቤተሰብ ቆሻሻ እንደሚለይ ማወቅ፣ ሁለተኛው ገቢ ከመለየት ጋር ያለውን ዝምድና ማየት፣ ሦስተኛው የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራትን አሠራር መመርመር ነው።

በመጀመሪያው ረድፍ አጽሕሮቱ «35.9 በመቶ»፣ ማጠቃለያው «38.1 በመቶ» ይላሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ማካፈል ይበቃል። 138 ለ362 ሲካፈል 38.1 በመቶ ይመጣል፤ ለ384 ሲካፈል 35.9። አጽሕሮቱን የጻፈው እጅ በተመለሰው መጠይቅ ፈንታ በተበተነው አካፍሏል። በዚሁ ክፍል «384 መላሾች» የሚል ሐረግም ይገኛል፤ ስህተቱ የመጣው ከዚያ ነው። ሁለት መቶኛዎች በትንሹ ሲለያዩ የፊደል ግድፈት ነው ብሎ ከማለፍ በፊት የተካፈሉበትን ቁጥር መፈለግ ያዋጣል።

በሁለተኛው ረድፍ ቁጥር የለም፤ መከበብ ያለበት ቃሉ ነው። መግቢያው «ዝምድና»፣ አጽሕሮቱ «ገቢ በመለየት ላይ ያለው ተፅዕኖ»፣ ማጠቃለያው «የገቢ ማነስ ቤተሰቦች ቆሻሻ እንዳይለዩ አድርጓል» ይላሉ። ከመግቢያ ወደ ማጠቃለያ ሲኬድ ቃሉ እየከበደ ሄዷል። በአንድ ወቅት በተሞላ መጠይቅ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ እዚህ የሚስተካከሉት አጽሕሮቱና ማጠቃለያው ናቸው፤ መግቢያው ልክ ነው። የማጠቃለያው ባለቤትም ሳያስታውቅ ተለውጧል፦ ጥናቱ የሁለት ወረዳዎች ሆኖ ሳለ ተከታዩ ዓረፍተ ነገር «የአዲስ አበባ ነዋሪዎች» ብሎ ይጀምራል።

ሦስተኛው ረድፍ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከመግቢያው በስተቀር ባዶ ነው። ማኅበራቱን ለማነጋገር ታስቦ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ ግን አልተሳካም። ብዙ ሰው ዓላማውን ከመግቢያው ሰርዞ ሦስቱን ክፍሎች ያስማማል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ገጾቹ ይስማማሉ፤ አንባቢው ግን ታቅዶ የነበረውንና የቀረውን እንዳያውቅ ይደረጋል። ቀጥተኛው መንገድ ዓላማውን ባለበት ትቶ ለምን እንዳልተፈጸመ በጥናቱ ውስንነት ሥር መጻፍ፣ በማጠቃለያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ነው።

ከረድፎቹ ቀጥሎ ጉዞው ይገለበጣል፤ በማጠቃለያው ያለ እያንዳንዱ ግኝት ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደመጣ ይጠየቃል። በምሳሌያችን ማጠቃለያው «የግንዛቤ እጥረት ዋነኛው እንቅፋት ነው» ይላል። መጠይቁ ስለ ግንዛቤ አልጠየቀም። አሳቡ የመጣው ከቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ነው፤ የዚህ ጥናት ግኝት ተደርጎ ሊጻፍ አይችልም። በይሁንታው የቀረበው «ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ» የሚለውም አብሮት መሠረቱን ያጣል።

መስማማት ማለት አንድ ዓይነት ቃል መደጋገም አይደለም። አጽሕሮት ሁሉን ግኝት አይሸከምም፤ ዋናውን ይይዛል። ያስቀረው ነገር ግን ያስቀመጠውን የሚለውጥ መሆን የለበትም። ደግሞም ሦስቱ ክፍሎች ተስማምተው ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፦ 138 የሚለው ቁጥር ራሱ ሲቆጠር ተሳስቶ ከነበረ ይህ ሥራ አይደርስበትም። ለዚያ ወደ መጠይቆቹ መመለስ ያስፈልጋል።

ሥራውን ጸሐፊው ብቻውን ባይሠራው ይመረጣል፤ የጻፈው ሰው የሚያነበው ሊል ያሰበውን ነው። ጥናቱን የማያውቅ የክፍል ጓደኛ ሦስቱን ክፍሎችና የውጤት ምዕራፉን ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ጊዜውም መታወቅ አለበት፦ ከዲፌንስ በፊት አንድ ጊዜ፣ ፈታኞቹ ያዘዙት እርማት ከገባ በኋላ ደግሞ እንደገና። እርማቱ ብዙውን ጊዜ የውጤት ምዕራፉን ይነካል፤ ለምሳሌ ጉድለት ያለባቸው 12 መጠይቆች ይውጡ ቢባል መላሾቹ 350 ይሆናሉ፣ መቶኛዎቹም ሁሉ ይለወጣሉ። አጽሕሮቱ ግን በፊተኛው ገጽ ላይ 362 እንዳለ ይጠረዛል፤ በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከርእሱ ሥር የሚነበበውም እሱ ነው።