ለስድስት ሳምንት የተጻፈ ማመልከቻ

በአውስትራሊያ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የኪምበርሊ ግዛት ስፋቱ ከኢትዮጵያ ሲሶ ይበልጣል፤ ነዋሪው ግን አርባ ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ሕዝብ ትልቅ ክፍሉ የአገሬው ተወላጅ አቦርጂናል ነው። ትንንሾቹ የወረዳ ሆስፒታሎች እርስ በርሳቸው በመቶ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ። ቋሚው ሐኪም ዕረፍት ሲወጣ ወይም ሲለቅ፣ ቦታውን ለጥቂት ሳምንታት የሚሸፍን ተተኪ ይፈለጋል። እንዲህ ያለው ሐኪም «ሎከም» ይባላል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቦታ ያዥ እንደማለት ነው።

ሎከሙ ከመቀጠሩ በፊት ሲቪውን ከማመልከቻ ደብዳቤ ጋር ይልካል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥም፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የሚያውቀው ሰውየውን ሳይሆን ያንን ገጽ ነው።

አንዲት ሐኪም በምሳሌነት እንውሰድ። ጎንደር ተምራለች፤ ሁለት ዓመት በአንድ የኢትዮጵያ ወረዳ ሆስፒታል ሠርታ ወደ ሜልበርን ሄደች። ፈተናዎቹን አልፋ፣ በክትትል የምትሠራበትን ጊዜ ጨርሳ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የመሥራት ፈቃድ አግኝታለች። ላለፉት ዓመታት የሠራችው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ረቂቋ እንዲህ ይጀምራል፦ «በድንገተኛ ሕክምና ሰፊ ልምድ አለኝ። ጫና መቋቋም እችላለሁ። ከቡድን ጋር ተባብሬ እሠራለሁ። የኪምበርሊን ውብ ተፈጥሮ ለማየት ሁልጊዜ እመኝ ነበር።»

ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አንዱም ሐሰት አይደለም። ችግሩ ዳይሬክተሩ ለያዙት ጥያቄ መልስ አለመሆናቸው ነው። እሳቸው ደብዳቤውን የሚያነቡት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሆነውን እያሰቡ ነው። በዚያ ሰዓት ያለው አንድ ሐኪምና ጥቂት ነርሶች ናቸው። በቴሌሄልዝ ካሜራ ከሩቅ የሚያማክር የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ይገኛል፤ ያ ስፔሻሊስት ግን እጁን ሊያውስ አይችልም። የጠናበትን በሽተኛ ወደ ትልቅ ከተማ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ በ1928 የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። በዝናቡ ወራት ደግሞ መንገዱ ራሱ ይቆረጣል፤ በጥር 2023 የፊትዝሮይ ወንዝ ጎርፍ በፊትዝሮይ ክሮሲንግ የነበረውን ድልድይ ሰባብሮታል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህች ሐኪም በሽተኛውን እስከዚያ በሕይወት ታቆየዋለች?

ሁለተኛው ረቂቋ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በመጀመሪያው አንቀጽ ከፌብሩዋሪ 2 እስከ ማርች 15 ሙሉውን 42 ቀን ነጻ መሆኗን፣ የሌሊት ተረኛነትን እንደምትቀበልና የሥራ ፈቃዷ ገደብ እንደሌለው ትገልጻለች። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ የደብዳቤው ልብ ነው፦

«ባለፉት 12 ወራት ለ31 በሽተኞች የመተንፈሻ ቱቦ አስገብቻለሁ። 24ቱ በቀዶ ሕክምና ክፍል ከማደንዘዣ ባለሙያ ጋር፣ 7ቱ በድንገተኛ ክፍል ነበሩ። ከሁሉም ሕፃናት 2 ብቻ ናቸው። የተሰበረ አጥንት አሰልፌ ጀሶ አደርጋለሁ፤ አየር ወይም ደም የሞላውን ደረት በቱቦ አስተነፍሳለሁ። ቀዶ ማዋለድ ብቻዬን አልሠራም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ አመልካቾች የሚፈሩት ዓይነት ናት። የማይችሉትን ከነገሩ ሥራው የሚያመልጣቸው ይመስላቸዋል። ዳይሬክተሩ ግን ቀዶ ማዋለድ የሚችል ሌላ ሐኪም በዚያ ሳምንት መኖሩን አስቀድመው ማወቅ ይችላሉ። ካልኖረም የመውለጃቸው ጊዜ የቀረበ እናቶችን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ቀድመው ይልካሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ድክመቱ በወረቀት ላይ ቀድሞ ከሰፈረ ነው። በምጥ ሌሊት ከታወቀ ጊዜው አልፏል። «ሕፃናት 2 ብቻ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም «ሰፊ ልምድ» ከሚለው ይልቅ ያሳምናል።

የጎንደር ተመራቂዋ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ደብቃ ነበር። የኢትዮጵያውን ሁለት ዓመት በሲቪዋ ግርጌ በአንድ መስመር አሳልፋ፣ ሜልበርንን ከፊት አስቀደመች። ብዙ ስደተኛ ሐኪሞች እንዲህ ያደርጋሉ፤ የምዕራቡ ልምድ ብቻ የሚቆጠር ይመስላቸዋል። ኪምበርሊ ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ሕክምና ባልተደረገለት የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚጀምረውና የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም በሜልበርን ለተወለደ ወጣት ሐኪም መጽሐፍ ውስጥ ያነበበው ነገር ነው። በሰሜን አውስትራሊያ አቦርጂናሎች ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ልጆችን ይጥላል። በኢትዮጵያ የሠራ ሐኪምም በሚገባ ያውቀዋል፤ የልቡን ድምፅ ሰምቶ የሚለይ ጆሮ ያዳበረው እዚያው ነው።

ስለዚህ አንቀጹን እንደገና ጻፈችው። ሕመሙ እንዳያገረሽ ልጆቹ በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንደሚወጉ፣ በ42 ቀን ቆይታዋ ደግሞ የእያንዳንዱ ልጅ ቀጠሮ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚደርስ አስልታለች። «ስመጣ የመርፌ ቀጠሮ ያለባቸውን ዝርዝር ከነርሶቹ ተቀብዬ፣ ስሄድ ያመለጣቸውን ልጆች ስም ለቀጣዩ ሐኪም በጽሑፍ አስረክባለሁ» ትላለች። ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር ታሪካቸውን እንደ አዲስ መናገር ለሚሰለቻቸው በሽተኞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስተርጓሚ እንደምትጠቀምም ጨምራለች። ብዙዎቹ በሽተኞች ክሪዮል ወይም የራሳቸውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ከአክብሮት የተነሣ «አዎ» ይላሉ። በኢትዮጵያም «እሺ» ያለ በሽተኛ ሁሉ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ገብቶታል ማለት አይደለም።

የኢትዮጵያው ልምድ ግን በሁሉም ነገር አይቆጠርም። እዚያ በቫኪዩም ያዋለደችው ብዛት በደብዳቤው ቢገባ እንኳ ዋጋው ትንሽ ነው። የሚፈለገው ቅርብ ጊዜ የተሠራና በኃላፊ የተረጋገጠ መዝገብ ነው፤ ለዓመታት ያልተሠራ ሙያ እጅ ላይ አይቆይም። እሷም «ከ2019 ወዲህ አላዋለድኩም» ብላ ዓመቱን ጻፈች።

ደብዳቤው የሚወድቅበት ሌላው መንገድ ጊዜ ነው። ሥራው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የደረሰ ማመልከቻ፣ ቢያምርም ብዙ ጊዜ አይረዳም። የፖሊስ ማስረጃ፣ ከሕፃናት ጋር ለመሥራት የሚሰጠው ፈቃድና የክትባት መረጃ መሰብሰብ አለባቸው። ከዚያም ሐኪሙ ምን ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የሚወስነው ኮሚቴ ይመለከተዋል። ምስክር ከሚሆኑት ሰዎች አንዱ በቅርብ ጊዜ አለቃ የነበረ መሆን ይኖርበታል።

ዳይሬክተሩ ስልክ ደወሉላት። ያነሡት ጥያቄም ከ«ሕፃናት 2 ብቻ» የመጣ ነበር።

«የሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ቱቦውን ማስገባት ቢያቅትዎስ?»

«ከመጀመሬ በፊት ቴሌሄልዙን አስከፍታለሁ፤ አውሮፕላኑንም አስጠራለሁ» አለች። «ሁለት ጊዜ እሞክራለሁ፤ ሦስተኛ አልሞክርም። በማስክ አየር እየሰጠሁ ላሪንጂያል ማስክ አስገባለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሳት የሥራ ወሰን ወረቀት ቀዶ ማዋለድን አይጨምርም። ከሕፃናት መተንፈሻ ቱቦ ጎን ደግሞ «በቅድሚያ ቴሌሄልዝ ይጠራ» የሚል መስመር ሰፍሯል።