ለማያውቁት ደንበኛ የሚጻፍ አጭር ኢሜይል

«ለክቡር ደንበኛችን፤ ድርጅታችን ልምድ ባካበቱ ባለሙያዎች ጥራቱን የጠበቀ የድረ ገጽ ሥራ አገልግሎት የሚሰጥ ሲሆን…»

እንዲህ የሚጀምር ኢሜይል ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይጠፋል። በስልክ ላይ ቀድመው የሚታዩት የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ላኪው ነው። «ክቡር ደንበኛችን» በሚለው ምትክ ስም ማስገባትም አያድነውም።

ለምሳሌ ተቀባይዋ የሐዋሳ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው እንበል። ጸሐፊው በቅድሚያ የሆቴሉን ድረ ገጽ በስልኩ ከፍቶ ክፍል ለመያዝ ይሞክራል። ቅጹ እንቢ ይለዋል። ያኔ ርዕሱ «የክፍል መያዣ ቅጽዎ በስልክ አይከፈትም» ይሆናል፤ ቀሪውም እንዲህ ያጥራል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት በድረ ገጽዎ ክፍል ለመያዝ ስሞክር ቅጹ በኮምፒውተር ቢሠራም በስልክ አልከፈት አለኝ። እንዲህ ያለውን ችግር እናስተካክላለን። ያየሁትን የሚያሳይ ምስል ልላክልዎት?»

የድርጅቱ ታሪክ፣ የአገልግሎት ዝርዝሩና አባሪው ወጥተዋል። ስብሰባ ከመጠየቅ ይልቅ በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ቀርቧል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ኢሜይሉ ሳይለወጥ ለሌላ ሆቴል ቢላክ ትርጉም ከሰጠ፣ ገና የጅምላ ደብዳቤ ነው። የተጠቀሰው ችግር በሚላክበት ዕለት እንደገና ይታይ፤ ተስተካክሎ ከተገኘ ጸሐፊው ይዋረዳል። ከግል የፌስቡክ ገጽ የተለቀመ የቤተሰብ ወሬም ተቀባይን ያስደነግጣል እንጂ አያቀርብም።

ይህ አሠራር ጊዜ ስለሚወስድ ለመቶዎች አይሆንም። በጥንቃቄ ለተመረጡ ጥቂት ደንበኞች ግን ከጅምላው ይሻላል።