ለአንድ ሽሮ ሰባት ካፕሽን

አንዲት እናት በቤቷ ያዘጋጀችውን ምጥን ሽሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አሽጋ ልትሸጥ ነው እንበል። ሁዳዴ በሚቀጥለው ሰኞ ይገባል። 200 ባለ ግማሽ ኪሎ እሽግ አላት፤ ሽያጩን የምትጀምረው ከጾሙ በፊት ባለው ሐሙስ ነው። በዚያ ሳምንት በቴሌግራም ቻናሏና በኢንስታግራም ገጿ በየቀኑ አንድ ፎቶ ትለጥፋለች። ከፎቶው ሥር ምን ትጻፍ?

ብዙ ሻጮች ከሰኞ ይጀምሩና ሦስት ቀን ሙሉ «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» ይላሉ። የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ግን አይጠብቅም። እኔ መጀመሪያ የምጽፈው የሐሙሱን ነው፦ «የጾም ምጥን ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ 220 ብር። ዛሬ ያዘዘ እስከ ቅዳሜ ቤቱ ይደርሰዋል።» ቀጥሎ ስልክ ቁጥርና የሚደርስበት ሰፈር ይገባል። ኢንስታግራም ረዘም ያለውን ጽሑፍ ቆርጦ መጀመሪያውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ዋናው ነገር ፊት ይቅደም፤ ሰላምታው ይቆይ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ፈጽሞ አልመክርም። ዋጋውን ለመጠየቅ የሚያፍር ገዢ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሐሙስ ከተጻፈ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። ገዢው ብሩን ከማውጣቱ በፊት ምን ይጠይቃል? ሰኞ ውስጡ ያለውን ይመልሳል፦ ሽምብራው፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው። ማክሰኞ ሽምብራው በምጣድ ሲታመስ የሚያሳይ ፎቶ ይዞ አሠራሩን ይነግራል። ረቡዕ ዋጋውንና ሽያጩ የሚጀመርበትን ሰዓት አስቀድሞ ያሳውቃል። በእያንዳንዱ ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ይመለስ፤ ሁሉም ሰኞ ላይ ከተከመረ ለማክሰኞ የሚተርፍ የለም።

ከዓርብ እስከ እሑድ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ መጻፍ የለበትም። የዓርቡ ሐሙስ ዕለት ደጋግመው ከጠየቋት ጥያቄ ይወጣል፤ «በርበሬው ያቃጥላል?» ካሉ መልሱ ራሱ ካፕሽን ነው። ቅዳሜ ከገዢዎች አንዱ ፈቅዶ የላከው የድስት ፎቶ ይውጣ። እሑድ የቀረው እሽግ ብዛት በትክክል ይጻፍ። ለእነዚህ ቀናት በዕቅዱ ላይ ርዕሱን ብቻ መያዝ ይበቃል።

አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይገጥማል። ቴሌግራም ጽሑፉን በተወሰነ ሰዓት ራሱ እንዲለጥፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ሰዓቱን የሚያነበው ግን በስልኩ አቆጣጠር ነው። ምሽት 2 ሰዓት ለማለት 20:00 መሞላት አለበት። 2:00 ብለው ከሞሉት ማስታወቂያው ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል።

እሽጉ ዓርብ ማታ ካለቀ ደግሞ በሰዓት የታዘዙትን የቀሩትን ጽሑፎች ወዲያው ሰርዙ። በቦታቸው ሽሮው ማለቁንና ቀጣዩ መቼ እንደሚደርስ ጻፉ።