የአርባ ሰከንድ ቃል፤ አዲስ ምሩቅ በአሠሪ ፊት የሚያቀርበው መቅድም

ሊንክድኢን የተባለው የሙያ መድረክ በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን በእጁ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ከመዞሩ አስቀድሞ አሠሪው ስሙን፣ ፎቶግራፉንና የትምህርቱን ታሪክ ከተቀመጠበት ወንበር ሳይነሣ ለመመልከት የሚችልበት ሥርዓት እየተስፋፋ መጥቶአል፤ በአዲስ አበባም በባንክ፣ በግብረ ሠናይ ድርጅትና በግል ኩባንያ ውስጥ ሠራተኛ የሚመለምሉ ብዙ ሹማምንት ይህን ገጽ መመልከት ልማድ አድርገውታል። በዚህ ገጽ ላይ Featured በሚለው ክፍል ውስጥ ባለቤቱ የመረጠውን ሥራ ወይም ተንቀሳቃሽ ምስል ለማኖር ይቻላልና፣ አዲስ ምሩቅ ፊቱንና ድምፁን አሳይቶ ችሎታውን በአጭሩ የሚገልጽባት የአርባ ሰከንድ ንግግር የምትቀመጠው ከዚያ ነው። ንግግሪቱ ስታልቅ እንደ ዘበት የተነገረች ትመስላለች፤ ነገር ግን ከመነገሯ በፊት ተጽፋ፣ ተመዝናና ተከርክማ ካልሆነ በቀር በአርባ ሰከንድ ውስጥ አንድ ቁም ነገር እንኳ አትሸከምም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ልኳ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መምሪያዎች መቶ ቃል ያህል ይበቃል እያሉ ይመክራሉ፤ ይህን ልክ ሳይመረምር ለአማርኛ የተቀበለ ምሩቅ ግን ጽሑፉን ሳይጨርስ ጊዜው ያልቅበታል፤ ምክንያቱም የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አሉታውንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ ቃላችን በቍጥር ያነሰ፣ በርዝመት ግን የበለጠ ነው። ስለዚህ ከቃል ይልቅ ፊደል መቍጠር ይሻላል፤ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በአንድ ሰከንድ ስድስት ወይም ሰባት ፊደል ያህል ይናገራልና፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው አንድ አንድ ሰከንድ ለዝምታ ቢተው፣ ለአርባው ሰከንድ የሚበቃው ጽሑፍ 250 ፊደል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የእያንዳንዱ ሰው አንደበት የራሱ ፍጥነት ስላለው ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ጽሑፉን ጮክ ብሎ እያነበቡ በሰዓት ለክቶ ማረም ግድ ነው፤ በልብ የተነበበ ግን ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይልቅ አጭር መስሎ ይታያል።

አሁን በሒሳብ አያያዝና በፋይናንስ የተመረቀች አንዲት ወጣት ብዙዎች እንደሚጽፉት አድርጋ መጀመሪያ ልትጽፍ የምትችለውን እንመልከት። «ስሜ እገሊት ይባላል። በሒሳብ አያያዝና ፋይናንስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቄአለሁ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ አዲስ ነገር ለመማር ጉጉ፣ በቡድንም ሆነ በግል መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫናን የምቋቋም ሰው ነኝ። የኮምፒውተር አጠቃቀም ጠንቅቄ አውቃለሁ። ዕድሉ ቢሰጠኝ ድርጅታችሁን ወደ ላቀ ደረጃ አደርሳለሁ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል ላይኖር ይችላል፤ ጉድለቱ አንዱም ቃል ተመዝኖ የሚታይ አለመሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ መመረቋን አሠሪው ከማስረጃዋ ያነበዋል፤ ታታሪነቷንና ታማኝነቷን ደግሞ ከእርሷ በፊትና ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በዚያው ቃል ስለሚናገሩት፣ አድማጩ አንዷን ከሌላው የሚለይበት ምልክት አያገኝም። አበው ውዳሴ ከንቱ የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው። በቅኔ ቤት ሥርዓት አንድ ተማሪ መራቀቁን ቢናገር ማንም አይሰማውም፤ የሚባለው ተነሥተህ ቅኔህን ተቀኝ ነው፤ መምህሩም የሚፈርደው በተሰማው ቅኔ ነው። አርባው ሰከንድም እንዲሁ ለአንድ የተሠራ ሥራ መታያ መሆን አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ይህን ስንል አብዛኛው ምሩቅ «እኔ ገና ምን ሠራሁና» ብሎ ይመልሳል። ዳሩ ግን ወጣቲቱ በተግባር ልምምዷ ወቅት ምን ስትሠራ እንደ ዋለች ረጋ ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር፣ «ፋይል ሳስተካክል ነበር» ከሚለው መልስ በስተኋላ የተደበቀው ነገር ይገለጣል። በአንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ከባንክ የሚመጣው የሒሳብ መግለጫ ከድርጅቱ የገንዘብ መዝገብ ጋር ሳይመሳከር ሦስት ወር አልፎ ነበር እንበል፤ እርሷም የመዝገቡን ወጪና ገቢ በአንድ ዓምድ፣ የባንኩን በሌላ ዓምድ በኤክሴል አስፍራ፣ አንዱን ከሌላው ጋር እያዛመደች፣ ጓደኛ ያጣውን ቍጥር ሁሉ ለብቻ አወጣች። መዝገቡ 184,300 ብር ሲል ባንኩ 201,050 ብር ይላል እንበል፤ ልዩነቱ ሲመረመር፣ ድርጅቱ ጽፎ የሰጠው ነገር ግን ባለገንዘቡ ገና ያልመነዘረው የ18,500 ብር ቼክ፣ ለባንኩ ገቢ የተደረገ ግን በመግለጫው ላይ ገና ያልታየ 1,500 ብር፣ እንዲሁም ባንኩ ለአገልግሎቱ የቈረጠውና በመዝገቡ ያልሰፈረ 250 ብር ሆኖ ይገኛል። ከባንኩ ቍጥር ቼኩ ተቀንሶ ገቢው ሲደመር፣ ከመዝገቡም ቍጥር የአገልግሎቱ ክፍያ ሲቀነስ፣ ሁለቱም 184,050 ብር ላይ ይገናኛሉ። ይህ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ የተባለው ሥራ ነው፤ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የሚቀጥር ድርጅትም በየወሩ መጨረሻ የሚቸገርበት ሥራ በመሆኑ፣ ስለ ታታሪነት ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ ይህ የሹሙን ጆሮ ያቆማል።

ስለዚህ ጽሑፉ እንደ ገና ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። «ጤና ይስጥልኝ፤ እገሊት እባላለሁ። በዚህ ዓመት በሒሳብ አያያዝና በፋይናንስ ተመርቄአለሁ። በተግባር ልምምዴ ወቅት በአንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ሳይታረቅ ቆይቶ ነበር። ቼኩንና ደረሰኙን በኤክሴል አመሳክሬ፣ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ለይቼ፣ ለሒሳብ ሹሙ አስረከብሁ። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና የደመወዝ ሰሌዳ ማዘጋጀት እችላለሁ፤ ፒችትሪን በትምህርት ቤት እንጂ በሥራ ላይ አልሞከርሁትም። ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ብትፈልጉ፣ የሠራሁት የሠንጠረዥ ናሙና ከዚህ በታች ይገኛል።»

ፊደሉ ቢቈጠር ከተባለው ልክ አያልፍም። ስሟና ትምህርቷ ስድስት ወይም ሰባት ሰከንድ ብቻ ሲወስዱ፣ እኩሌታ የሚጠጋው ጊዜ ለተሠራው ሥራ ተሰጥቶአል፤ የቀረው አሁን ምን ለማድረግ እንደምትችልና ማስረጃው የት እንዳለ ይናገራል። አንዳንዱ መካሪ ፒችትሪን በሥራ ላይ አለመሞከሯን የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ድካም ገላጭ ነውና ይቅር ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ከጽሑፉ ሁሉ አብልጬ የምይዘው እርሱን ነው። ይህ የሒሳብ ፕሮግራም በአገራችን ድርጅቶች ውስጥ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ አሠሪው መጠየቁ አይቀርም፤ የምታውቀውንና የማታውቀውን ወሰን አስቀድማ ያሰመረች ወጣትም፣ ስለ ባንክ ማስታረቅ የተናገረችው እውነት መሆኑን በዚያው ታስመሰክራለች። «አስረከብሁ» የሚለውም ቃል በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ ልዩነቱን ለየች እንጂ መዝገቡን የማረም ሥልጣን የሹሙ ነበርና፣ «የድርጅቱን ሒሳብ አስተካከልሁ» ብትል የሌላውን ሰው ግብር ለራሷ መውሰድ ይሆንባት ነበር።

የድርጅቱ ስምና ከላይ ለማብራሪያ የጻፍነውን የመሰለ የብር መጠን በንግግሩ ውስጥ አለመግባታቸውንም አንባቢ ያስተውል። የሰው ሒሳብ ምስጢር ነው፤ የቀድሞ አሠሪዋን ምስጢር በአደባባይ የምትዘረዝር ሒሳብ ሠራተኛ ለአዲሱ አሠሪ የምትሰጠው ምልክት መልካም አይሆንም። ከታች የምታኖረው ናሙናም ቀመሩና አሠራሩ የእርሷ ሆኖ፣ ቍጥሩ ግን ለናሙና ተብሎ የተፈጠረ መሆን አለበት፤ ይህንንም በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ በግልጽ ትጻፍ።

ጽሑፉ መልካም መሆኑ የሚታወቀው በጥያቄ ነው። ሙያውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጽሑፉን ይዞ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «እንዴት?» እያለ ይጠይቃት፤ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ስትጠየቅ ስላልተመነዘረው ቼክና ስለ ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ አንድ ደቂቃ ያህል ሳትደናቀፍ ለማስረዳት ከቻለች፣ ያ ዐረፍተ ነገር ይቈይ፤ ተጠይቆ ሐተታ የማይወጣው ዐረፍተ ነገር ግን ምንም ያህል ቢያምር ይሰረዝ። የደመወዝ ሰሌዳ አዘጋጃለሁ ካለችም የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ከየትኛው መጠን ላይ እንደሚቈረጥ ማስረዳት አለባት፤ ካልሆነ ያንኑ ሐረግ አውጥታ ሰከንዱን ለባንኩ ሥራ ትጨምርለት።

ስለ ቀረጻው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ስልኩ ከዓይን ትክክል ይቁም፤ ብርሃኑ ከመስኮት ወደ ፊት ይምጣ እንጂ ከጀርባ አይሁን፤ በክረምት ቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚቀረጽ ድምፅ በዝናቡ ስለሚዋጥ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠበቅ። ጽሑፉን ከወረቀት እያነበቡ መቀረጽ ዓይንን ወደ ታች ይስባል፤ ቃል በቃል ሸምድዶ መናገር ደግሞ አንዱ ቃል ሲጠፋ ሁሉን ያጠፋልና፣ የአራቱን ክፍሎች ተራ ይዞ፣ ማለት ስምን፣ ሥራን፣ ችሎታንና ማስረጃን፣ በመካከሉ ያለውን በለመዱት ቃል መናገር ይበልጣል። ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ስለሚመለከት ንግግሩ ከሥር በጽሑፍ ይውጣ። ቋንቋውም ቃለ መጠይቁ የሚደረግበት ይሁን፤ የሥራ ማስታወቂያቸውን በእንግሊዝኛ ለሚያወጡ ድርጅቶች የምታመለክት ከሆነ በእንግሊዝኛ ትናገር፤ የአማርኛው የፊደል ልክ ግን በዚያ አይሠራምና እንደ ገና በሰዓት ትለካ።

ይህች ንግግር ለዘለዓለም የምትቀመጥ አይደለችም። ወጣቲቱ ሥራ ይዛ በፒችትሪ የመጀመሪያውን ወር መዝገብ በዘጋች ዕለት፣ አልሞከርሁትም የሚለው ዐረፍተ ነገር ሐሰት ይሆናል፤ ስለዚህ የፊተኛውን ቅጂ ከገጿ አውርዳ፣ የልምምዱን ወሬ በያዘችው ሥራ ለውጣ፣ እንደ ገና ትቀረጽ።