ለሠላሳ ሰው ልደት ስንት ብር ይዘን እንውጣ?

የልጅ ልደት ሲታሰብ በብዙ ቤት ወሬው የሚጀመረው ከኬኩ ነው። ስንት ኪሎ ይሁን፣ ምን ይሣልበት፣ የት ይታዘዝ ይባላል። ወጪውን አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ኬኩን ለጊዜው ትቶ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይሻለዋል። ስንት ሰው ይመጣል? በስንት ሰዓት ይመጣል? ዱቄቱም፣ ዘይቱም፣ ለስላሳውም የሚሰሉት ከእነዚህ መልሶች ተነሥቶ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ልጃቸው 5 ዓመት ይሞላታል፤ ልደቱ እሑድ ከሰዓት በ9 ሰዓት ነው፤ ምግቡም ኬኩም ቤት ይሠራል። የተጠሩት ልጆች 13 ናቸው። ይህን ቁጥር ይዞ ገበያ የሚወጣ ቤተሰብ ማታ ላይ ምግብ ያጥረዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብቻውን አይመጣም፤ እናት ወይም አክስት ትከተለዋለች፣ ቤት የሚቀር ታናሽ ካለ እሱም ይመጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ሲደወል «ትመጣላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ጋር ነው የምትመጡት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ ሲቆጠር ልጆቹ ከታናናሾቹና ከባለልደቷ ጋር 18 ሆኑ። አዋቂዎቹ ደግሞ ልጅ ይዘው የሚመጡ 8 እና የቤቱ 4፣ ማለትም አባት፣ እናት፣ አያትና አክስት፣ በድምሩ 12 ሆኑ። ሒሳቡ የሚሠራው ለ30 ሰው ነው።

ሰዓቱ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ከኬኩ በላይ ወጪ ይወስናል። በ7 ሰዓት የተጠራ እንግዳ ምሳ ይጠብቃል። በ9 ሰዓት የተጠራው ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ለልጆቹ ትንሽ መኮሮኒ፣ ፈንዲሻ፣ ኬክና ቡና ይበቃዋል። ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ለ12ቱ አዋቂዎች ብቻ ዶሮ ወጥ ይጨመር እንበል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይደርሳል። ዶሮው፣ 3 ኪሎ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ እንቁላሉና 24 እንጀራው ሲደመሩ ከ2,600 ብር አያንስም። ወደ ኋላ እንደምናየው ይህ የመላውን ልደት ወጪ ግማሽ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የያዝኳቸው ናቸው፤ የሰፈርዎ ሱቅ ከዚህ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። መጠኑን እንዳለ ይያዙና ዋጋውን በራስዎ ገበያ ይተኩ። ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ 80 ሳምቡሳ የሚፈልገው ዱቄት ግን አይለወጥም።

ሳምቡሳውን በደንብ እንየው፤ ብዙ ሰው በግምት የሚሠራው እሱን ነው። ለልጅ ሁለት፣ ለአዋቂ ሦስት ሲታሰብ 72 ይሆናል፤ የሚፈነዳውንና የሚደገመውን ጨምሮ 80 ይያዝ። አንድ ኪሎ ዱቄት ተቦክቶ፣ ድብልብሉ ተዳምጦ ለሁለት ሲቆረጥ 50 ያህል መካከለኛ ሳምቡሳ ይወጣዋል። ስለዚህ 80ው ለሊጡ 1.6 ኪሎ ዱቄት፣ ለውስጡ ደግሞ 800 ግራም ድፍን ምስርና ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ሽንኩርት ይፈልጋል። ዱቄቱን በኪሎ 110፣ ምስሩን 190፣ ዘይቱን በሊትር 300 ብር ብንይዝ፣ ዱቄቱ 176፣ ምስሩ 152፣ ሳምቡሳው የሚጠጣው ዘይት ደግሞ ወደ 180 ብር ይደርሳል። ከሽንኩርቱና ከቃሪያው ጋር አንዱ ሳምቡሳ ወደ 8 ብር ይመጣል ማለት ነው። ዘይቱ ከምስሩ መብለጡን ልብ ይበሉ። ሒሳቡ የሚበላሸውም እሱ ላይ ነው። ምስሩ ውኃ ይዞ ከታሸገ ሊጡን ያረጥበዋል፤ መጥበሻው ውስጥ ይፈነዳል፣ ዘይቱ ይቆሽሽና መቀየር ይኖርበታል። ስለዚህ ምስሩ እንዳይፈራርስ ሆኖ ይቀቀል፣ በደንብ ይጠንፈፍ፣ ሳይበርድ አይታሸግ። ዘይቱ ሳይግል የገባ ሳምቡሳም ዘይት ይጠጣል። ቁራጭ ሊጥ ጣል ሲደረግ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ዘይቱ ደርሷል፤ ታች ከተቀመጠ ገና ነው። ለመጥበሻውም ለስጎውም ሁለት ሊትር ይገዛ።

መኮሮኒው ቀላል ነው። ለልጅ 60፣ ለአዋቂ 80 ግራም ደረቅ መኮሮኒ ሲታሰብ 2 ኪሎ፣ ማለትም አራት ባለ ግማሽ ኪሎ ፓኬት ይሆናል። ስጎው በቲማቲምና በካሮት ቢሠራ ቀኑ ጾም ላይ ቢውል እንኳ ሁሉም ይበላዋል፤ ሳምቡሳውን የምስር ያደረግነውም ለዚሁ ነው። የጾም እንግዳ የሚቀርበት ኬኩ ብቻ ይሆናል። ዳቦ የማይቆረስበት ልደት ደግሞ ለአያት ልደት አይመስላትም። 1.25 ኪሎ ዱቄት የሚፈልግ ድፎ ለሠላሳ ሰው አንዳንድ ቁራሽ ያደርሳል።

አሁን ወደ ኬኩ። ቤት የሚሠራ ስፖንጅ ኬክ መለኪያው እንቁላሉ ነው፤ ለአንድ እንቁላል 30 ግራም ስኳርና 30 ግራም ዱቄት ይገባል። ለሠላሳ ሰው 12 እንቁላል ይበቃል። ይህም 360 ግራም ስኳርና 360 ግራም ዱቄት ይፈልጋል። 25 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጋገሪያ ስድስት ስድስት እንቁላሉን ሁለት ጊዜ ጋግሮ፣ መካከሉንና ላዩን ክሬም ቀብቶ መደራረብ ነው። አራት ማዕዘን መሆኑ ይጠቅማል፤ በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው ስድስት ሆኖ ሲቆረጥ ልክ 30 እኩል ቁራጭ ይወጣዋል። ክብ ኬክ ለዚህ አይመችም፤ የመጀመሪያዎቹ ወፍራም ይደርሳቸውና ለመጨረሻዎቹ ስስ ይቀራል።

እንቁላሉ አንዱ 18 ብር ቢሆን 216 ብር ነው። ስኳሩ ከሽሮፑ ጋር፣ ዱቄቱ፣ የክሬም ዱቄቱ፣ ወተቱና ቫኒላው ሲደመሩ ኬኩ 740 ብር ገደማ ይፈጃል። ይህን የሚያህል ሁለት ኪሎ ኬክ ቤት በኪሎ 1,300 ቢሸጠው 2,600 ብር ይጠይቃል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ግን ስፖንጅ ይወድቃል። ምድጃው ቶሎ ከተከፈተ መሀሉ ይሰምጣል፤ እንቁላሉና ስኳሩ በደንብ ካልተመታ ገና ከጅምሩ አይነሣም። መብራት ከሄደ ደግሞ ሊጡ እንዳለ ይተኛል። ስለዚህ ኬኩ የሚጋገረው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እሑድ አይደለም። ጠርዙ ከመጋገሪያው ሲላቀቅና መሀሉ የተወጋ ስንጥር ደረቅ ሆኖ ሲወጣ በስሏል። ሁሉም ቢወድቅ እንኳ የሚባክነው ወደ 300 ብር ነው፤ ደግሞ መጋገርም ከመግዛት ይረክሳል። ቤቱ ምድጃ ከሌለው ግን ኬኩ ይገዛ፤ በጀቱ ላይም 1,860 ብር ይጨመርበት። ጎረቤት ቤት ሊጥ ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ስፖንጁን ይገድለዋል።

ለስላሳ ላይ የሚባክነው ገንዘብ በዓይን ይታያል። ለአንድ የ5 ዓመት ልጅ ሙሉ ጠርሙስ ሲሰጠው ግማሹን ጠጥቶ መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሲጫወት ቆይቶ የቱ የእሱ እንደሆነ ይጠፋውና ሌላ ያስከፍታል። ግብዣው ሲያልቅ መስኮቱ ላይ ግማሽ ግማሽ ጠርሙስ ተደርድሮ ይገኛል። ባለ 2 ሊትሩ በብርጭቆ ሲቀዳ ከአንዱ አሥር ብርጭቆ ይወጣል፤ ለሠላሳ ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ በስድስት ጠርሙስ ይሸፈናል። አንዱ 130 ብር ቢሆን 780 ነው፤ ለውኃ 100 ይጨመር። የወረቀት ብርጭቆው ላይ የልጁ ስም በእስክሪብቶ ከተጻፈ 40 ብርጭቆ ይበቃል፤ ካልተጻፈ 80ም አይበቃም።

ጌጡ ቤቱን ሁሉ መሸፈን የለበትም። ፎቶ የሚነሣው ከኬኩ ጀርባ ነውና ያንን አንድ ግድግዳ ማስዋብ ይበቃል። ፊኛ አራት አራት እየታሰረ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ሲሰቀል ሁለት ሜትር ለመሸፈን 40 ፊኛ ይፈልጋል፤ የሚፈነዳ ስላለ 50 የሚይዝ ፓኬት ይገዛ። ከሪባኑ፣ ከሻማውና «መልካም ልደት» ከሚጻፍበት ባለቀለም ወረቀት ጋር 510 ብር ያህል ነው።

እንግዲህ እንደምር። ምግቡ ከኬኩና ከቡናው ጋር 3,236፣ መጠጡ 880፣ ጌጡ 510፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆውና ሶፍቱ 410 ብር፤ በድምሩ 5,036 ብር። ምግቡ የተሰላው በሚገዛው ልክ ነው። ሳምቡሳው፣ ድፎውና ኬኩ አንድ ላይ 3.2 ኪሎ ያህል ዱቄት ቢፈልጉም ለመዳመጫ የሚነሰነሰው ታስቦ 4 ኪሎ ተይዟል። ለመጠባበቂያ 500 ብር ቢጨመር 5,540 ብር ገደማ ይሆናል። መጠባበቂያው የወደቀውን ስፖንጅ ወይም በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወደደውን ቲማቲም ይሸፍናል።

ከዚህ ድምር ውስጥ ከእንግዳው ቁጥር ጋር የማይንቀሳቀሰው ጌጡ ብቻ ነው። የቀረው ለ30 ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 150 ብር ይመጣል። ሳይቆጠሩ አሥር ሰዎች ቢጨመሩ 1,500 ብር ይጨምራሉ፤ ጌጡን በሙሉ መተው ግን የሚያድነው 510 ብር ብቻ ነው። ወጪ መቀነስ የፈለገ ቤተሰብ ፊኛ ሻጭ ጋር ከሚከራከር የጥሪውን ዝርዝር እንደገና ቢያይ፣ ወይም ሰዓቱን ከምሳ ቢያርቅ ይሻላል።

ግዢው በአንድ ቀን ባይሆን ጥሩ ነው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ምስር፣ መኮሮኒ፣ የክሬም ዱቄትና ፊኛ ሳምንት ቀድመው ቢገዙ አይበላሹም፤ ዋጋቸውም ቀድሞ ይታወቃል። እንቁላሉና ወተቱ ዓርብ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ቅዳሜ ይገዛሉ። ምስሩ ቅዳሜ ማታ ተቀቅሎ ይደር፤ ፊኛው እሑድ ጠዋት ይነፋ፣ ቀድሞ ከተነፋ ይሟሽሻል። ዓርብ ማታ ደግሞ ለተጠሩት ቤቶች ሁሉ እንደገና ይደወል። ቁጥሩ ከ30 ከፍ ካለ ቅዳሜ የሚጨመረው አንድ ፓኬት መኮሮኒ፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳና ለሃያ ሳምቡሳ የሚሆን 400 ግራም ዱቄት ነው።