አንዲት ቀን ብትዛነፍ፦ በሁለት የቀን መቁጠሪያ የሚነግደው መልካ ጀብዱ

በመልካ ጀብዱ አካባቢ የሚሠራ የአስመጪና ላኪ ቢሮ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀት አያጣም። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው የጭነት ሰነድ፣ የሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ውልና የውጭው ደንበኛ ደረሰኝ ቀናቸው የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የቤት ኪራይ ውሉ፣ የሠራተኛው የደመወዝ መዝገብና ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆጠረው የበጀት ዓመት ሒሳብ ደግሞ በአገሩ አቆጣጠር ይሄዳል። ባቡሩና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጡ፣ የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለቱ ወረቀቶች መገናኘት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሆኗል።

ቀድሞ ይህን የማስታረቅ ሥራ የሚሠራው ትራንዚተሩ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አይቶ በእርሳስ ይጽፋል። ዛሬ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፎርም የሚያስሞላ ሶፍትዌር ነው። ጥያቄው ሶፍትዌሩ ቀኑን በትክክል ይመልሳል ወይ የሚለው ነው። መልሱ ገንዘብ ያስከፍላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የሐረር ቡና ላኪ ዕቃውን በጅቡቲ በኩል ያስጫነው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2023 ነው እንበል። በዓለም አቀፉ የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ፣ ባንኮች ዩ.ሲ.ፒ. 600 በሚሉት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ላኪው ሰነዱን ከተጫነበት ቀን በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ ለባንክ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2024 ይሆናል። በአገራችን አቆጣጠር ይህ ዕለት ጥር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።

አሁን የላኪው ሶፍትዌር የተሠራው «መስከረም 1 ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ነው» በሚል ቋሚ ሰንጠረዥ ነው እንበል። ይህ ሶፍትዌር ለዚያው ዕለት «ጥር 2 ቀን 2016» ብሎ ይጽፋል። ጸሐፊው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ፣ ጥር 2 ሲደርስ ሰነዱን ይዞ ባንክ ይገባል። ባንኩ ዘንድ ግን ዕለቱ እ.ኤ.አ. ጥር 11 ነው፤ ቀኑ አልፏል። ሰነዱ «ዲስክሬፓንሲ አለው» ይባላል፤ የገዢው ባንክም አልከፍልም ለማለት መብት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ላኪው ያለው አማራጭ የገዢውን ይሁንታ መለመን ነው። በዚያ መሐል የቡና ዋጋ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ገዢው ቅናሽ ሳይጠይቅ እሺ ይላል ማለት ዘበት ነው።

ስሕተቱ ከየት መጣ? በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉት 3 የሚተርፍ ከሆነ፣ እንደ 2011፣ 2015 እና 2019 ዓ.ም.፣ ጳጉሜን 6 አለ። በዚህ ምክንያት የሚቀጥለው ዓመት የሚገባው እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ነው። ይህች የአንድ ቀን መግፋት የምትስተካከለው ፈረንጆቹ የካቲታቸውን 29 ቀን ሲያደርጉ ነው። ስለዚህ ቋሚ ሰንጠረዥ ያለው ሶፍትዌር ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 20 ድረስ፣ ማለትም ለ170 ቀናት፣ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ከዚያ በኋላ ራሱ ትክክል ስለሚሆን፣ በሚያዝያ የተፈተነ ሶፍትዌር እንከን የለሽ መስሎ ይሸጣል።

ይህን አንባቢው ከገና በዓል ያውቀዋል። ልደት እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 2024 ሲከበር በእኛ ታኅሣሥ 28 ነበር፤ በ2025 ግን እንደወትሮው ታኅሣሥ 29 ላይ ዋለ።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ስሕተቱ ራሱን መደበቁ ነው። ሶፍትዌሩ ጥር 10ን ወደ «ጥር 2» ከለወጠ በኋላ፣ ያንኑ «ጥር 2» መልሰው ቢያስገቡለት በዚያው ሰንጠረዥ ጥር 10 ብሎ ይመልሳል። ወስዶ መመለስ ፈተና አይሆንም። ጉድለቱ የሚታየው ከውጭ ከመጣ ወረቀት ወይም ከታተመ ካላንደር ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው።

መፍትሔው ሰንጠረዥን ትቶ ዕለትን በተከታታይ ቁጥር መቁጠር ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚጠቀሙበት የዩሊያን ዕለት ቁጥር ለዚህ ያገለግላል። ዓመቱ y፣ ወሩ m፣ ቀኑ d ከሆነ፦

```
N = 365*(y-1) + floor(y/4) + 30*(m-1) + d + 1724220
```

የy/4 ድርሻ ቀሪው ተጥሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይወሰዳል። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ፣ ለጥር 1 ቀን 2016 ስሌቱ 735475 ሲደመር 504 ሲደመር 120 ሲደመር 1 ሲደመር 1724220 ነው፤ ድምሩ 2460320 ይመጣል። የእ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2024 ቁጥርም ይኸው ነው። ዕቃው የተጫነበት ዕለት ቁጥር 2460299 ነው፤ 21 ሲደመርበት የመጨረሻው ቀን ይገኛል። የቀን ገደብ የሚደመረው በዚህ ቁጥር ላይ ከሆነ ጳጉሜን 5 ሆነች 6 ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ሰዓት ነው። አንዳንድ ሶፍትዌር ቀንን የሚያስቀምጠው ከእኩለ ሌሊት ሰዓት ጋር አያይዞ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ድሬዳዋ ላይ ጥር 10 ሲጀምር እዚያ ገና የጥር 9 ምሽት ነው። ቀኑ ተመልሶ ሲነበብ አንድ ቀን ወደኋላ ሊወርድ ይችላል። ሁለቱን ስሕተቶች መለየት አያስቸግርም፦ የጳጉሜን ስሕተት የሚመጣው በየአራት ዓመቱ በተወሰነ ወቅት ነው፤ የሰዓቱ ግን ወቅት አይመርጥም፣ ስክሪን ላይ አንድ ቀን፣ የታተመው ወረቀት ላይ ሌላ ቀን ሊያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ቀኑን ያለ ሰዓት፣ በአንድ አቆጣጠር ብቻ፣ ለምሳሌ `2024-01-10` ተብሎ ማስቀመጥ ነው። የአማርኛው ቀን ለዓይን ሲባል በዚያው ሰዓት ይሰላል እንጂ ለብቻው አይመዘገብም። ሁለቱም ከተመዘገቡ አንድ ቀን መጋጨታቸው አይቀርም።

ሦስተኛው አጻጻፉ ነው። «1/5/2016» የሚል ፎርም ለመልካ ጀብዱው ጸሐፊ ጥር 1 ቀን 2016 ነው፤ ለጅቡቲው ወኪል ግን እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2016 ነው። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ። የወር ስም በፊደል ተጽፎ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ሲታከልበትና ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ሞይውም ተቀባዩም ስሕተቱን በዓይኑ ይይዘዋል።

ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አራት ቀኖችን ያስገባ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሊሆን ይገባል። ጥር 7 ቀን 2024 ታኅሣሥ 28 ቀን 2016፣ የካቲት 29 ቀን 2024 የካቲት 21 ቀን 2016፣ ጥር 7 ቀን 2025 ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 መሆን አለባቸው። ፎርሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ሲጽፉለት አልቀበልም ማለቱንም ይሞክር፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበረች።

ቀጣዩ የስድስት ቀን ጳጉሜን በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። 2020 ዓ.ም. የሚገባው እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2027 ይሆናል፤ በቋሚ ሰንጠረዥ የሚሠራ ሶፍትዌር ያለው ቢሮም ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ የካቲት 20 የሚሞላው ፎርም ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፍበታል።