«አጋፔ» እና የገበያ ሰላምታ

በመርካቶ ስንዘዋወር «ቡና እወዳለሁ»፤ «እናቴን እወዳለሁ» ሲባል እንሰማለን፤ ግሡ አንድ ነው። እንግሊዝኛውም «ላቭ» የሚለውን ቃል እንዲሁ ሰፊ አድርጎ ስለያዘው፥ የግሪኩን «አጋፓኦ»ንና «ፊሌኦ»ን በእርሱ ብቻ ይተረጉማል። («ኤሮስ»ማ በአዲስ ኪዳን ጨርሶ አይገኝም።)

ብዙዎቻችን «አጋፓኦ» አምላካዊ፥ «ፊሌኦ» የወዳጅነት ፍቅር ነው እያልን ዮሐንስ 21፥15-17ን እንጠቅሳለን። በዚያ ጌታ ሁለት ጊዜ በ«አጋፓኦ»፥ በሦስተኛው በ«ፊሌኦ» ሲጠይቅ ጴጥሮስ ሁልጊዜ በ«ፊሌኦ» ይመልሳል። እኛ ግን ፍቅሩን የሚለየው ቃሉ ሳይሆን የተወደደው ነገር ይመስለናል። ፈሪሳውያን በገበያ እጅ መነሣትን መውደዳቸውን ማቴዎስ (23፥6-7) በ«ፊሌኦ»፥ ሉቃስ (11፥43) በ«አጋፓኦ» ጽፈውታልና። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉምም አምኖን ትዕማርን ከማስነወሩ በፊት የነበረበትን ምኞት «አጋፔ» ይለዋል (2ኛ ሳሙኤል 13፥15)፤ ይህን መቼም አምላካዊ የሚለው የለም።